የትኛውን አንደኛ ልጻፍ? የዩኒቨርሲቲ ምርጫና የኮሌጅ ምዝገባ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት የድሮ ተማሪዬ ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር ቤቴ መጣች። እኔ ባህር ዳር ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ቤቴ ከጣና ዳር ብዙም ስለማይርቅ ሰው ለመንሸራሸር ሲወጣ ጎራ ይላል። እነሱ ግን ለሽርሽር አልነበረም የመጡት። ልጅቷ ከባለ ካሬ ደብተር የተገነጠለ አንድ ገጽ ይዛለች። ገጹ ላይ የትምህርት ክፍሎች ስም በእርሳስ ተደርድሯል። አንደኛው ተራ ቁጥር ላይ ግን ላጲሱ ወረቀቱን በልቶታል። ብዙ ጊዜ ተጽፎ ብዙ ጊዜ ጠፍቷል።

"ቲቸር፣ ሶፍትዌርን አንደኛ ብዬ ባይደርሰኝ ሲቪልንም አጣለሁ ይሉኛል" አለችኝ። ልጅቷ ኢንጂነሪንግ ለመግባት ዓመቱን በፍሬሽማን አሳልፋለች። አሁን ዲፓርትመንት መምረጫዋ ደርሷል። ወንድሟ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ ከ600 ያገኘው 190 ነው። ለእሱ ኮሌጅ ነው የታሰበው። እናታቸው ሁለቱንም በአንድ ቀን ሊጨርሱ ነው የመጡት። "መምህር፣ ሁለቱም ያው ቅጽ መሙላት አይደል?" አሉኝ።

ያው አይደለም፣ እትዬ። ልዩነቱ ሳይገባቸው የሚሞሉ ልጆች በየዓመቱ ስለሚያጋጥሙኝ የዚያን ቀን ያስረዳኋቸውን እዚህም ልጻፈው።

ከዩኒቨርሲቲው እንጀምር። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ተማሪው በየግቢው በር እየዞረ አያመለክትም። ሀገር አቀፉን ፈተና ይወስዳል፣ ማለፊያ ያመጣል፣ ከዚያ ትምህርት ሚኒስቴር ባዘጋጀው ገጽ ላይ የሚፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል ይሞላል። ልጆቹ placement.ethernet.edu.et የሚሉት ነው። የሚመድበው ሚኒስቴሩ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ግን የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ፣ እዚያ መግባት የሚፈልግ ልጅ ማስታወቂያውን ለብቻው ይከታተል።

ማለፊያው ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ 50 በመቶ ነው። ፈተናው ከ600 ከታሰበ 300 ማለት ነው። በዚያው በ2014 ይህን ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ከ50 በታች ሆነው በዓመቱ የሚወሰነውን መቁረጫ ነጥብ ያለፉት ደግሞ በሪሚዲያል ገብተው ሌላ ዕድል ያገኛሉ። የቀረው፣ ማለትም አብዛኛው ልጅ፣ መንገዱ ኮሌጅ ነው። ስለዚህ የኮሌጅ አገባብን ማወቅ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ አይደለም።

አሁን ዋናው ልዩነት። ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ልጅ መጀመሪያ ግቢውን ይመርጣል፣ ሙያውን የሚመርጠው ኋላ ነው። ፍሬሽማን በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ አሠራሩ በአብዛኛው እንዲህ ነው። ተማሪው የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል፣ ግሬዱ ይወጣል፣ ከዚያ ዲፓርትመንት ይሞላል። ሕክምናንና ሕግን የመሳሰሉትን ከሌሎቹ ቀድሞ የሚለይ ግቢም አለ። ኮሌጅ የሚገባ ልጅ ግን ሙያውን የሚናገረው በሩ ላይ ነው። ነርሲንግ ነው? አካውንቲንግ ነው? አውቶ መካኒክ ነው? ለዚያ ሙያ ይመዘገባል፣ ለዚያ ሙያ ይፈተናል፣ ለዚያ ሙያ ይገባል።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሲሞላ ሙያው በውስጥ ተደብቆ አብሮ ይመረጣል። ግቢው ውስጥ የሌለ ዲፓርትመንት በኋላ ሊመረጥ አይችልም። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የለውም። ጨርቃጨርቅ ምህንድስናን የመሰለ ትምህርት ባህር ዳር አለ፣ ሌላ ቦታ ግን በቀላሉ አይገኝም። የከተማችን ልጆች ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲን አንደኛ የሚሉት ብዙ ጊዜ ለቤት ስለሚቀርብ ነው። ከግቢዎቹ ፔዳም ሆነ ፖሊ ቢደርሳቸው ቅዳሜ እናታቸው ቤት ምሳ መብላት ይችላሉ። ይህ የሚናቅ ምክንያት አይደለም። ችግሩ ሁለተኛና ሦስተኛ ላይ ነው። እዚያ ጓደኛ የጻፈውን ይገለብጣሉ። ከዚያ የሚፈልጉት ትምህርት ወደሌለበት ግቢ ይመደባሉ። ዝውውር ደግሞ በቀላሉ የሚገኝ ነገር አይደለም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የዩኒቨርሲቲ ስም ጎን የምትፈልጉትን ሁለት ወይም ሦስት ትምህርት ጻፉና እዚያ መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ ስሙን ወደ ታች አውርዱት።

ወደ ልጅቷ ወረቀት እንመለስ። አንደኛ የት ይጻፍ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው መዳቢው በሚከተለው ደንብ ውስጥ ነው። ደንቡ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን በጠረጴዛ ላይ በአራት የሻይ ብርጭቆ ነው ያሳየኋቸው። እዚህ በስም ላድርገው። ስሞቹንም ቁጥሮቹንም ለምሳሌ ያህል ነው የፈጠርኳቸው።

አራት ተማሪዎች አሉ እንበል። ሰላም 82 ነጥብ አላት፣ ዳዊት 78፣ ሄለን 75፣ ናትናኤል 70። ቦታው ሶፍትዌር ላይ ሁለት፣ ሲቪል ላይ አንድ፣ ኬሚካል ላይ አንድ ነው። ሰላም፣ ዳዊትና ሄለን ሦስቱም የሞሉት ሶፍትዌር፣ ሲቪል፣ ኬሚካል ብለው ነው። ናትናኤል ግን ሲቪልን አንደኛ፣ ኬሚካልን ሁለተኛ፣ ሶፍትዌርን ሦስተኛ አድርጓል።

የመጀመሪያው ደንብ ነጥብን ያስቀድማል። ከፍተኛ ነጥብ ያለው ተማሪ ተራው ይደርሰዋል፣ ከዝርዝሩ ከላይ ጀምሮ ቦታ ያለበትን ያገኛል፣ ከዚያ ቀጣዩ ይጠራል። ሰላም ሶፍትዌር ገባች። ዳዊትም ሶፍትዌር ገባ። ሄለን ስትደርስ ሶፍትዌር ሞልቷል፣ ሁለተኛዋን ያያሉ፣ ሲቪል ክፍት ነው፣ ገባች። ናትናኤል ሲመጣ ሲቪል ተይዟል፣ ኬሚካል ደረሰው። ልብ በሉ፤ ሄለን ሶፍትዌርን አንደኛ በማለቷ ምንም አልጎዳትም። ተራዋ ሲደርስ ሲቪል ይጠብቃት ነበር። ከእሷ በታች ነጥብ ያለው ሰው ቀድሟት ሊወስደው አይችልም።

ሁለተኛው ደንብ ምርጫን ያስቀድማል። መጀመሪያ ሁሉም ሰው አንደኛ ያለው ብቻ ይታያል። ሶፍትዌርን አንደኛ ካሉት ሦስቱ ሰላምና ዳዊት ገቡ፣ ሄለን ቀረች። ሲቪልን አንደኛ ያለው ናትናኤል ብቻ ነው፣ በ70 ነጥቡ ገባ። አሁን የሄለን ሁለተኛ ምርጫ ይታያል። ሲቪል ሞልቷል። ሦስተኛዋ ኬሚካል ነው፣ እዚያ ገባች። 75 ያላት ልጅ የፈለገችውን ቦታ 70 ያለው ልጅ ወሰደባት። እዚህ ላይ ሲቪልን አንደኛ ብላ ቢሆን ኖሮ ታገኘው ነበር።

ልጅቷ ይህን ስታይ ወረቀቷን ወደ ራሷ ሳበች። "እንግዲያው የፈሩት ልክ ናቸው" አለች። ልክ የሚሆኑት በሁለተኛው ደንብ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ደንብ ፍርሃት ራሱ ያስከፍላል። ያንኑ ምሳሌ ትንሽ እንቀይረው። ሄለን ፈርታ ሲቪልን አንደኛ፣ ሶፍትዌርን ሁለተኛ አደረገች እንበል። ዳዊት ደግሞ ማንም ሳያውቅ ሐሳቡን ቀይሮ ኬሚካልን አንደኛ አለ። ነጥብ በሚያስቀድመው ደንብ ሰላም ሶፍትዌር፣ ዳዊት ኬሚካል፣ ሄለን ሲቪል ገቡ። አንድ የሶፍትዌር ቦታ ክፍት ቀረ። ናትናኤል ሲመጣ ሲቪልም ኬሚካልም ሞልተዋል። ሶፍትዌርን ከታች የጻፈው እሱ፣ በ70 ነጥብ፣ ሄለን የተመኘችውን ቦታ አገኘ። ሄለን የተሸነፈችው በነጥብ አይደለም። የምትፈልገውን ከላይ ስላልጻፈች ነው።

ስለዚህ ሬጅስትራር ሄዶ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው። ቃል በቃል ልጻፈው፦ "ሁለተኛ ምርጫዬ ላይ፣ ያንን አንደኛ ካደረገ ግን ከእኔ ያነሰ ነጥብ ካለው ተማሪ ጋር ስወዳደር ማን ይቀድማል?" መልሱ "ነጥብ ያለው ይቀድማል" ከሆነ የምትወዱትን በምትወዱት ልክ ከላይ ወደ ታች ጻፉ፣ ሌላ ስሌት አያስፈልግም። መልሱ "አንደኛ ያደረገው ይቀድማል" ከሆነ አንደኛው ተራ ውድ ነው። እዚያ ላይ የሚጻፈው የምትፈልጉትም፣ በነጥባችሁ በእርግጥ የሚደርሳችሁም መሆን አለበት። ለዚህ ባለፈው ዓመት እያንዳንዱ ዲፓርትመንት የተዘጋበትን የመጨረሻ ነጥብ ጠይቁ። የእናንተ ነጥብ ከዚያ በጥቂት ብቻ የሚበልጥ ከሆነ አስተማማኝ አይደለም፤ መቁረጫው በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ይህ ደንብ ቅጹ አናት ላይ መታተም አለበት። አንድ ዓመት ሙሉ የተማረ ልጅ የሕይወቱን አቅጣጫ በግቢ ወሬ መወሰን የለበትም።

ደንቡ ከታወቀ በኋላ ነጥቡ ራሱ ከምን እንደሚሠራ ማወቅ ይቀራል። ብዙ ልጆች የዲፓርትመንት ውድድር በፍሬሽማን ጂፒኤ ብቻ ይመስላቸዋል። ብዙ ጊዜ ግን የ12ኛ ክፍል ውጤትም ይደመራል። የየራሳቸውን ድርሻ የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው ነው። ድርሻው ሲቀየር ሰልፉ ይቀየራል። የሄለን 75 ከየት መጣ? የ12ኛ ክፍል ውጤቷ 390 ከ600 ነው፣ 65 በመቶ። ጂፒኤዋ 3.4 ከ4 ነው፣ 85 በመቶ። እኩል በእኩል ሲደመር 75። የዳዊት 480 ከ600፣ 80 በመቶ ነው። ጂፒኤው 3.04፣ 76 በመቶ። እኩል በእኩል 78። ዳዊት ይቀድማል። አሁን ግቢው ለ12ኛ ክፍል 30፣ ለጂፒኤ 70 ይሰጣል እንበል። ሄለን 19.5 እና 59.5፣ ድምር 79። ዳዊት 24 እና 53.2፣ ድምር 77.2። ሄለን ቀደመች። ሁለቱም ልጆች ምንም አላደረጉም፣ ድርሻው ብቻ ነው የተቀየረው። ስለዚህ "ጂፒኤዬ 3.4 ነው፣ ሶፍትዌር ይደርሰኛል?" ብሎ መጠየቅ መልስ የለውም። ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች የሚደረግ ድጋፍም አለ፤ ከነጥቡ ላይ ይታከል ወይስ ከቦታው ተለይቶ ይያዝ፣ አብራችሁ ጠይቁ።

የዝርዝሩን ጭራም አትናቁት። ሰው ሁሉ አንደኛና ሁለተኛው ላይ ይጨነቃል፣ ከአምስተኛ በታች እጁ እንዳመጣለት ይጽፋል። መካከለኛ ነጥብ ያለው ተማሪ ግን የሚያርፈው ብዙ ጊዜ እዚያው መሐል ላይ ነው። ባዶ መተውም አይረዳም። ዝርዝራችሁ ካለቀ ቦታ በተረፈበት ትመደባላችሁ፣ የሚተርፈው ደግሞ ሰው ያልፈለገው ነው። ልጅቷን አራተኛና አምስተኛዋን ስጠይቃት ምን እንደሚማሩበት አታውቅም። "ከላይ ወደ ታች ስሙን እያየሁ ነው የጻፍኩት" አለች። ፖሊ ሄዳ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎችን የኮርስ ዝርዝር እንድትጠይቅ ነገርኳት።

ወንድሟ እስካሁን ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር። የእሱ ነገር ከዚህ ሁሉ ይለያል። ኮሌጅ ላይ አንድ ማዕከላዊ መዳቢ የለም። እያንዳንዱ ኮሌጅ የራሱን ማስታወቂያ ያወጣል፣ በሩ ላይ ይለጥፋል፣ በቴሌግራም ያሰራጫል። ማስታወቂያው ላይ የተፈተኑበት ዓመት፣ የሚጠየቀው ውጤት፣ የሙያው ዓይነትና ደረጃ፣ የምዝገባ ቀን ይገኛል። የጤና ኮሌጆች ብዙ ጊዜ የመግቢያ ፈተናና ቃለ መጠይቅም ይጨምራሉ። ልጁ ኦሪጅናሉንና ኮፒውን ይዞ ራሱ ይሄዳል።

በአንድ ጊዜ ለብዙ ኮሌጅ ማመልከት ይቻላል። ስለዚህ የኮሌጅ ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ሳይሆን ቀን መቁጠሪያ ላይ ነው። የሚያጋጥመው ችግር እንዲህ ነው። የግል ኮሌጅ ምዝገባ ቀድሞ ይከፈታል። ወላጅ ቦታው እንዳያመልጥ ብሎ ይከፍላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመንግሥቱ ኮሌጅ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ልጁ ይፈተናል፣ ያልፋል። የተከፈለው ግን አይመለስም። ወይም ለተከፈለው ገንዘብ ሲባል የተሻለው ይተዋል። እናትየው እዚህ ላይ ቀና አሉ። ለካ በማግስቱ ሊከፍሉ ነበር። መጀመሪያ ወደ ጤና ሳይንስ ኮሌጁና ወደ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ ሄደው የምዝገባውን ቀን እንዲጠይቁ፣ የግሉን ደግሞ "ብንተወው ገንዘባችን ይመለሳል ወይ?" ብለው መልሱን በጽሑፍ እንዲይዙ ነገርኳቸው።

ሌላው የፈቃድ ነገር ነው። የግል ኮሌጅ ፈቃድ ለኮሌጁ በጅምላ አይሰጥም። ለዚህ ሙያ፣ በዚህ ደረጃ፣ በዚህ ካምፓስ ተብሎ ነው። አንድ ኮሌጅ አካውንቲንግ ለማስተማር ፈቃድ ኖሮት ነርሲንግ ላይኖረው ይችላል። ዋናው ካምፓስ ኖሮት ቅርንጫፉ ላይኖረው ይችላል። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ስሙን በማልጠቅሰው ኮሌጅ ቅርንጫፍ ተምሮ ጨርሶ፣ ማስረጃውን ሊያስረጋግጥ ሲሄድ ቅርንጫፉ ፈቃድ እንዳልነበረው ነገሩት። ዓመታት የቆጠበችለት እህቱ ነበረች። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ያመኛል። ስለዚህ የተለጠፈውን የፈቃድ ወረቀት ስታዩ የኮሌጁን ስም ብቻ አታንብቡ። ሙያው፣ ደረጃው፣ አድራሻውና የሚያበቃበት ቀን ይነበብ። ከዚያ ፈቃዱን በሰጠው መሥሪያ ቤት ይጣራ። ለዲግሪ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው።

የዲግሪ ነገር ከተነሳ፣ 190 ያመጣ ልጅ የግል ኮሌጅ ገብቶ በቀጥታ ዲግሪ አይጀምርም። "እኛ ጋ በዚህ ውጤት ዲግሪ ትጀምራለህ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ተመለሱ። ለእሱ የሚሆነው በደረጃ የሚሰጠው የሙያ ሥልጠና ነው። ሲጨርስ የብቃት ምዘና ወይም ሲኦሲ ይወስዳል። ሙያ ሲመርጥ "እዚህ ሙያ ላይ ስንቱ ሲኦሲውን አለፈ?" ብሎ ኮሌጁን መጠየቅ ስለ ትምህርቱ ጥራት ብዙ ይናገራል።

ልጁ ምን እንደሚፈልግ ጠየቅኩት። እስከዚያ ማንም አልጠየቀውም ነበር። "ኤሌክትሪክ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የሰፈራቸውን ቆጣሪና ሶኬት የሚጠግነው እሱ ነው ለካ። እናቱ ያሰቡት ፋርማሲ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ልጅቷ ደወለች። ሬጅስትራር ሄዳ ያንን አንድ ጥያቄ ጠይቃለች። የነገሯት ነጥብ ያለው እንደሚቀድም ነው። ድርሻው እኩል በእኩል ነው። አንደኛ ሶፍትዌር፣ ሁለተኛ ሲቪል አለች። አራተኛ የነበረውን ደግሞ ተማሪዎቹን ካነጋገረች በኋላ ወደ ሰባተኛ አውርዳዋለች። ወንድሟ ለፖሊ ቴክኒኩ ኮፒ ሊያስነሳ ወጥቷል አለችኝ።